አንዱ «ቁረጪው»፣ ሌላዋ «እንዳትነኪው»፤ ማንን ልስማ?

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። ስለ ካፖርቱ ስምንት ስንኝ ጻፍኩና ለአራት ሰው አሳየሁ። አንድ ጓደኛዬ የመጨረሻዎቹን ሁለት ስንኞች ቁረጪ አለኝ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ያስለቀሰኝ መጨረሻው ነው፣ እንዳትነኪው አለችኝ። ግጥም የሚጽፍ አጎቴ ሁለተኛውና አራተኛው ስንኝ ላይ ምቱ ይሰበራል አለ። ቅኔ ቤት የነበሩ ጎረቤታችን፣ ወርቅ የለውም፣ ካፖርት የሚለውንም ካባ በይው አሉኝ። ማንን ልስማ? ለእናቴ ገና አላነበብኩላትም። ግጥሙ ይኸው፦

ካፖርቱ ከበሩ ጀርባ ተንጠልጥሎ፣
አባባን ይጠብቃል ዛሬ ይመጣል ብሎ።
እማማ ቅዳሜ አቧራውን ጠርጋ፣
እጇ ኪሱ ይገባል አንድ ነገር ፍለጋ።
ቁልፉን አገኘችው ከክሩ የሸሸ፣
ትከይልኝ ብሏት ነገ እንዳለች መሸ።
ሰው ያልፋል ይሄዳል ዕቃው ግን ይቀራል፣
ፍቅር ግን ዘላለም በልብ ውስጥ ይኖራል።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ግጥሙን ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ስድስተኛው ስንኝ ላይ ሦስቱንም ጊዜ ድምፄ ዝቅ አለ። ከዚያ ስንኝ በኋላ ስላለው ነገር እንነጋገራለን።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ። ሰው ስለ ግጥምሽ ሲናገር ሁለት ነገር ቀላቅሎ ነው የሚሰጥሽ። አንደኛው የተሰማው ነው፤ «እዚህ ጋ ደከመኝ»፣ «እዚህ ጋ አለቀስኩ» ይላል። ሁለተኛው መድኃኒቱ ነው፤ «ቁረጪው»፣ «ቀይሪው» ይላል። ልብስ ሰፊ ጋ ሄደሽ «ብብቴ ስር ያዘኝ» ስትይ ልክ ነሽ፤ የያዘሽን አንቺ ታውቂያለሽ። የቱ ስፌት እንደሚፈታ የሚያውቀው ግን ሰፊው ነው። እዚህ ሰፊዋ አንቺ ነሽ። ስለዚህ አራቱም ምን እንደተሰማቸው እመኛቸው። ባዘዙሽ መድኃኒት ላይ ግን ጊዜ ውሰጂ። የሚጋጨው አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ነው።

ከአጎትሽ እንጀምር። የእሱ አስተያየት ጣዕም ሳይሆን ቆጠራ ነው። ቆጠራ ይጣራል፤ ጣዕም ግን ለክርክር ማለቂያ የለውም። ሊጣራ የሚችለውን ቀድመሽ ጨርሺ።

ግጥምሽ የወል ቤት ነው። አንዱ ስንኝ ሁለት ሐረግ አለው፤ እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ቀለም ይይዛል፤ ቀለም የምንለው አፍ በአንዴ የሚያወጣውን ድምፅ ነው። መጀመሪያው ስንኝሽ ልክ ነው፦ ካ–ፖር–ቱ–ከ–በ–ሩ፣ ጀር–ባ–ተን–ጠል–ጥ–ሎ። ስድስት በስድስት። ሁለተኛውን አብረን እንቁጠር፦ አ–ባ–ባን–ይ–ጠብ–ብ–ቃል። ሰባት ነው። «ይጠብቃል» በወረቀት ላይ አጭር ይመስላል። ግን «ብ» ጠብቆ ነው የሚነበበው፤ ስለዚህ አንዱ ፊደል ወደፊትም ወደኋላም ይሠራል። ፊደላችን ጥብቅና ላላን አይለይም። በዓይን የሚቆጥር ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አጎትሽ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ልክ ነው።

አራተኛው ላይ ግን ተሳስቷል። «እጇ ኪሱ ይገባል» በጣት ሲቆጠር ሰባት ይሆናል። እስቲ አፍሽ እንዳመጣው በዪው። «ኪሱይ–ገባል» ነው የምትዪው። ከፊቱ ያለው ቃል በአናባቢ ሲያልቅ «ይ» ራሱን ችሎ አይቆምም፣ በእሱ ላይ ይደገፋል። እጅ–ጇ–ኪ–ሱይ–ገ–ባል። ስድስት። ሁለተኛው ስንኝ ላይም «ዛሬ ይመጣል ብሎ» ብለሻል። ያም በጣት ሰባት፣ በጆሮ ስድስት ነው። አጎትሽ እሱን ሐረግ ሳይነካው አልፎታል። እዚያ ላይ በጆሮው ሰምቷል ማለት ነው፤ አራተኛው ላይ ሲደርስ ግን በጣቱ ቆጥሯል። «አባባን ይጠብቃል» ላይ ግን «ይ» የሚደገፍበት የለውም፤ ከፊቱ ያለው «ን» ነው። ስለዚህ ቆሞ ይቆጠራል።

ይህን ለማጣራት ቀላል መንገድ አለ። ግጥሙን አይቶ ለማያውቅ ሰው ስጪውና ጮክ ብሎ እንዲያነብልሽ አድርጊ። አንቺ ዝም ብለሽ ስሚ። አንባቢው የተደናቀፈበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጊ። አንቺ ራስሽ ካነበብሽው አይሠራም፤ የጎደለውን ድምፅሽ ይሞላዋል፣ የተረፈውን ይውጠዋል። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ በቃሉ ነው የሚነግረው፤ መምህሩም ሰምቶ ነው የሚያርመው። ግን እዚያ የሚያርመው አንድ መምህር ነው። አንቺ አራት አለሽ፤ ስለዚህ የማጣራቱ ሥራ በአንቺ ላይ ወድቋል።

ሁለተኛውን ስንኝ እንዴት ታቃኚዋለሽ? «አባን ይጠብቃል» ብትዪ ቁጥሩ ይገጥማል። ግን «አባ» ስትዪ መነኩሴ ወይም ቄስ ትዝ ይላል፤ አባትሽ ይጠፋል። «አባባን ሲጠብቅ» በዪው። አ–ባ–ባን–ሲ–ጠብ–ብቅ። ስድስት። ግን አስተውዪ፣ እርማቱ ሌላም ነገር ቀይሯል። «ይጠብቃል» ዐረፍተ ነገሩን ይዘጋው ነበር። «ሲጠብቅ» ይከፍተዋል። ካፖርቱ ሲጠብቅ፣ እማማ በዚያው ሰዓት አቧራውን ትጠርጋለች። ሁለቱ ጥንድ ስንኞች ተያያዙ። አራት ነጥቡንም ነጠላ ሰረዝ ታደርጊዋለሽ። ለእኔ ይህ ከቁጥሩ የበለጠ ጥቅም ነው። አንድ ቃል ከለወጥሽ በኋላ ሁልጊዜ ፊትና ኋላውን አንብቢ። ምቱ ተስተካክሎ ትርጉሙ የተሰበረ ግጥም ብዙ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ግጭት እንምጣ። ጓደኛሽ «ቁረጪ» ይላል፤ ባልደረባሽ «እንዳትነኪ» ትላለች። ከሁለቱ አንዱን ከመምረጥሽ በፊት ባልደረባሽን አንድ ጥያቄ ጠይቂያት። ወረቀቱን አታሳያት። ከሦስት አራት ቀን በኋላ፣ ቡና ላይ፣ «ያ ግጥም እንዴት ነበር የሚያልቀው?» በያት። የምትመልሰው ቃል ፍርዱን ይሰጥሻል።

ይህን የምልሽ እኔ ራሴ ለአንዲት ወዳጄ ግጥምሽን ያለ ስምሽ አንብቤላት ስለነበር ነው። በማግስቱ ስጠይቃት «በቁልፉ ነዋ የሚያልቀው፤ ነገ ስትል መሸባት» አለችኝ። ሰባተኛውና ስምንተኛው ስንኝ ከእነጭራሹ ትዝ አላሏትም። ባልደረባሽም «መጨረሻው» ስትል ይህንኑ ማለቷ ይመስለኛል። ሰው «መጨረሻ» የሚለው ልቡ የቆመበትን ቦታ ነው፤ ወረቀቱ ሲያልቅ አይደለም። እንደዚያ ከሆነ ሁለቱ ሰዎች አልተጋጩም። እሷ ያለቀሰችው ስድስተኛው ላይ ነው። እሱ የደከመው ከዚያ ቀጥሎ ባለው ነው። ሁለቱም ስድስተኛው ስንኝ ላይ ግጥሙ አልቋል እያሉሽ ነው።

ባልደረባሽ በእርግጥም «ፍቅር ግን ዘላለም» የሚለውን ነው የወደድኩት ብትልሽስ? እሱም ይሆናል። ያኔ ሌላ ፈተና አለ። ሁለቱን ስንኞች አንስተሽ ሌላ ግጥም ላይ ለጥፊያቸው። ስለ አያትሽ ነጠላ ጻፊና በእነዚህ ጨርሺው። ስለ ጓደኛሽ ክራር ጻፊና በእነዚህ ጨርሺው። ሁሉም ጋ እኩል ይገጥማሉ። ሁሉም ጋ የሚገጥም ስንኝ የዚህ ግጥም አይደለም። «ነገ እንዳለች መሸ» ግን ሌላ ቦታ ልለጥፍ ብትዪ እንቢ ይላል፤ ቁልፉን ይዞ ነው የሚሄደው። ሌላም ነገር አለ። «ይቀራል» እና «ይኖራል» ቤት የሚመቱት ከሞላ ጎደል ግሡ በሰጠሽ መድረሻ ነው። የአማርኛ ግሥ ዐረፍተ ነገሩን ስለሚዘጋ እንዲህ ያለ ቤት በነጻ ይገኛል። «የሸሸ» እና «መሸ» ግን ተፈልገው የተገኙ ናቸው። ጆሮ ይህን ልዩነት ያውቀዋል፤ ስም ባይሰጠውም።

ስለዚህ እኔ እቆርጣለሁ። ግን አንድ ሁኔታ ላይ አልቆርጥም። አባትሽ ዓመት ሊሞላው ነው ብለሻል። ግጥሙን በሙት ዓመቱ፣ ለተሰበሰበው ዘመድ የምታነቢው ከሆነ ነገሩ ይለያል። እዚያ ሰው አንድ ጊዜ ነው የሚሰማው። ሕፃን ያለቅሳል፣ ሰሃን ይንኳኳል፣ ከኋላ የተቀመጡት ቁልፏን ላይሰሟት ይችላሉ። እንዲህ ባለ ቦታ ሁሉም የሚያውቀው ቃል ሰውን ያገናኛል፤ ለቅሶንም ይፈታል። ለዚያ ቀን ስምንቱንም አንብቢ። ለማተም ወይም ለንባብ ግን ስድስቱን ያዢ። የአንድ ግጥም ሁለት ቅጂ መኖሩ ነውር የለውም። የድሮውን ረቂቅ አትጣዪው፤ ቀን ጽፈሽበት አስቀምጪው።

ጎረቤታችሁን በአክብሮት ስሚያቸው፤ ካባውን ግን ተዪው። «ካባው ከበሩ ጀርባ» ብትዪ በር ላይ የሚንጠለጠለው የንጉሥ ወይም የካህን ልብስ ይሆናል። አባትሽ ካፖርት ለባሽ ነበሩ። አቧራ የሚጠረግለት፣ ቁልፉ የሚላቀቅ ልብስ ካፖርት ነው። ካባ ካስገባሽ ቁልፏ የምትቀመጥበት ታጣለች፤ ግጥሙ ከእግሩ ይነቀላል። እሳቸው ያዘዙት መድኃኒት የራሳቸውን ግጥም የሚያድን ነው፤ ያንቺ ሕመም ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ጥሩ ገጣሚ አስተያየት ሲሰጥ ሳያውቀው እሱ ቢሆን የሚጽፈውን ግጥም ይነግርሻል።

ግን የተሰማቸውን አትጣዪው። «ወርቅ የለውም» ያሉት አንድ ቦታ ላይ ጠፍጣፋ ሆኖባቸው ነው። የት እንደሆነ አልነገሩሽም። እኔ ስፈልግ ሁለት ነገር አገኘሁ።

አንደኛው፣ ሳታውቂው ኅብረ ቃል ይዘሻል። «ቁልፍ» የልብስም ነው፣ የበርም ነው። መጀመሪያው ስንኝሽ ላይ በር አለ። አባትሽ ሲገቡ የሚከፍቱት በር። ቁልፉ ከክሩ ሸሽቷል። ይህን ጎረቤታችሁ እንዴት እንዳለፉት አላውቅም፤ ምናልባት «ትከይልኝ» የሚለው ቃል ወደ ልብሱ ቁልፍ ብቻ ስለሚጎትት ይሆናል። አትንኪው። ወርቁን ለማጉላት ብለሽ «ትከይልኝ»ን ካወጣሽ የግጥሙን ሕመም ታወጪዋለሽ። በግማሽ የተከፈተ ወርቅ ይበቃል።

ሁለተኛው፣ አራቱም ሰዎች ምንም ያላሉበት ቦታ ነው። አራተኛው ስንኝ፣ «አንድ ነገር ፍለጋ»። አጎትሽም የነካው መጀመሪያውን ሐረግ ነው እንጂ ይህን አይደለም። አስተያየት ስትሰበስቢ ማንም ያልነካውን ቦታ ለይተሽ እይ። ዝምታ አንዳንዴ ጥሩ ነው ማለት ነው፤ አንዳንዴ ግን ዓይን ሳይቆም ተንሸራቶ አልፏል ማለት ነው። «አንድ ነገር» ስድስት ቀለም ለመሙላት የገባ ይመስላል። ምን ፍለጋ እንደሆነ ግጥሙ ራሱ የሚያውቅ አይመስልም።

እኔ ብሆን «የቀረ ፍለጋ» እላለሁ። የ–ቀር–ረ–ፍል–ለ–ጋ። ስድስት ነው። «የቀረ» ኪስ ውስጥ የተረፈ ነገር ነው፤ ሳንቲም፣ ደረሰኝ፣ መሐረብ። «የቀረ» ደግሞ ሄዶ ያልተመለሰ ሰውም ነው። እማማ ሁለቱንም ነው የምትፈልገው። ጎረቤታችሁ የጠየቁሽ ወርቅ ይኸው፣ ያውም በቤትሽ ቃል። ቃሉን ከየት እንዳመጣሁት አስተውለሻል? ከሰባተኛው ስንኝ ነው፤ «ዕቃው ግን ይቀራል» ብለሽ ነበር። ያንን ጥንድ ስትቆርጪ አንዱን ግሥ ይዘሽ ወጣሽ። ሰው «ቁረጪ» ሲልሽ ሁልጊዜ ከመጣልሽ በፊት ኪሱን ፈትሺ። የምትቆርጪው ስንኝ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሕያው ቃል አለ፤ ቦታው ነው የተሳሳተው።

ይህን ሐሳብ ግን ከእኔም ቢሆን ዝም ብለሽ አትቀበዪ። እኔም አምስተኛው አስተያየት ሰጪሽ ነኝ። ወጣት ሆኜ ለሞተ ጓደኛዬ አንድ ግጥም ጽፌ ነበር። ስድስት ሰው አየው። የሁሉንም እርማት ተቀበልኩ፤ ሁሉም ደግሞ ለየብቻው ትክክል ነበር። መድረክ ላይ ቆሜ ሳነበው መሐል ላይ ስደርስ የማን ግጥም እንደሆነ ጠፋኝ። ጓደኛዬ የሚስቅበት አሳሳቅ በአንዱ እርማት ወጥቷል፤ የሚወዳት ስድብ በሌላው እርማት ወጥታለች። ምቱ ግን አንድም ቦታ አይሰበርም ነበር። እስከ ዛሬ ያ ግጥም ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አደርጋለሁ፤ አንቺም ሞክሪው። አስተያየቶቹን ከመክፈትሽ በፊት፣ በንጹሕ ወረቀት ላይ፣ በተራ ዐረፍተ ነገር፣ «ይህ ግጥም የሚያመው ምኑ ላይ ነው?» የሚለውን መልሺ። አንድ መስመር ብቻ። ያንቺ ግጥም ሁለት መልስ ሊኖረው ይችላል። አንዱ «ካፖርቱ ገና ይጠብቃል» ነው። ሌላው «እናቴ ቁልፉን ነገ እተክላለሁ ብላ ነበር» ነው። የመጀመሪያው የናፍቆት ግጥም ነው፤ ሁለተኛው የጸጸት። እውነተኛው ግጭት ያለው እዚህ ነው፤ ይህን ደግሞ ከአራቱ አንዳቸውም፣ እኔም ጭምር፣ ልንፈታልሽ አንችልም። ናፍቆቱን ከመረጥሽ ግጥሙ ወደ ካፖርቱ ተመልሶ ማለቅ አለበት፤ ያኔ የቆረጥሻቸው ሁለት ስንኞች ቦታ ላይ አዲስ ጥንድ መጻፍ ይኖርብሻል። ጸጸቱን ከመረጥሽ ስድስቱ ይበቃሉ። መስመሯን ከጻፍሽ በኋላ እያንዳንዱን አስተያየት ከእሷ አጠገብ አስቀምጪው። እሷን የሚያጠነክር ከሆነ ይግባ። ሌላ ግጥም የሚሠራ ከሆነ፣ የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን፣ ይቆይ።

ሦስት ሰው ወይም አራት ሰው አንድ ቦታ ላይ ቢስማማም እንደ ድምፅ አትቁጠሪው። ብዙዎች አንድ ቦታ ላይ ከቆሙ እዚያ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ስህተት ሊሆን ይችላል፤ የግጥሙ ጥንካሬም ሊሆን ይችላል። «ከክሩ የሸሸ» ላይ ሰዎች ቢቆሙብሽ እኔ አልደነቅም። ቁልፍ መሸሹ እንግዳ ነው። ግን እንግዳነቱ ነው የሚይዘው።

ጸጸቱን መርጠሽ ከሆነ እንግዲህ እስካሁን ያልነው ሁሉ ሲገባ እንዲህ ይሆናል፦

ካፖርቱ ከበሩ ጀርባ ተንጠልጥሎ፣
አባባን ሲጠብቅ ዛሬ ይመጣል ብሎ፣
እማማ ቅዳሜ አቧራውን ጠርጋ፣
እጇ ኪሱ ይገባል የቀረ ፍለጋ።
ቁልፉን አገኘችው ከክሩ የሸሸ፣
ትከይልኝ ብሏት ነገ እንዳለች መሸ።

የቀድሞውንና ይህን በሁለት የተለያየ ወረቀት ጻፊያቸው። ሳምንት አስቀምጪያቸው። ከዚያ ለየብቻቸው፣ ለሁለት የተለያዩ ሰዎች፣ ጮክ ብለው እንዲያነቡልሽ ስጪያቸው። አንዱን ሰው ሁለቱንም ካስነበብሽው ማወዳደር ይጀምራል፤ መስማቱን ይተዋል።

የቀረችው እናትሽ ናት። የእሷ አስተያየት ከአራቱ ጋር አይቆጠርም። ግጥሙ ውስጥ ያለች እሷ ናት፤ «ነገ» ያለችው እሷ ናት። ለሕዝብ ከመነበቡ በፊት ለብቻዋ፣ ቤት ውስጥ አንብቢላት። «ቅዳሜ አልነበረም፣ እሑድ ነው» ልትል ትችላለች። «እሑድ» ያኔ ምቱ ላይ ችግር ያመጣል፤ እሱን በቀላሉ ታስተካክዪዋለሽ፣ ወይም ቅዳሜን እንድትተዪ ትፈቅድልሻለች። «እኔ ነገ አላልኩም» ብላ ዝም ካለች ግን ወረቀቱን እጠፊና ከጎኗ ተቀመጪ። ያን ቀን ስለ ግጥሙ ምንም አትጠይቂያት። ይነበብ ወይስ ይቅር የሚለውን እሷ በሌላ ቀን ራሷ ታነሳዋለች።